«ከእኔ ተቆርጧል፣ እሱ ጋ ግን አልገባም»

ላኪ ስልኩን አውጥቶ ከባንኩ የመጣለትን መልእክት ያሳያል። ብሩ ተቆርጧል፣ ቀሪ ሒሳቡም ቀንሷል። ተቀባይም የራሱን ስልክ አውጥቶ ያሳያል። ምንም የገባ ነገር የለም። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንዱ ሌላውን «አልላክህም»፣ «ደርሶህ ነው የምትክደኝ» እስከመባባል የሚደርሱትም ሁለቱም በእጃቸው ማስረጃ ስለያዙ ነው።

ታዲያ ብሩ የት ነው ያለው? የተለመደው መልስ «መንገድ ላይ ነው» የሚል ነው፤ ከባንክ መስኮት ጀርባም ይኸው ይባላል። ነገር ግን ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ ስንልክ ብር የሚጓዝበት መንገድ የለም። የሚጓዘው መልእክት ነው። ላኪው ባንክ ከደንበኛው ሒሳብ ብሩን ቀንሶ ለተቀባዩ ባንክ «ለዚህ ሰው ይህን ያህል ጨምርለት» የሚል ጥያቄ ይልካል፤ ከዚያም መልስ ይጠብቃል። ተቆርጦ ያልገባ ብር ማለት ባንኩ ጥያቄውን ልኮ መልሱን በእርግጠኝነት ያላገኘበት ብር ነው። ባንኩ ወዲያው «እንካ ብርህን» ብሎ የማይመልሰው ለምን እንደሆነ የሚገባን ይህ ሲገባን ነው።

ሁለት መዝገብ

ላኪና ተቀባይ በአንድ ባንክ ውስጥ ሒሳብ ካላቸው ነገሩ ቀላል ነው። የሁለቱም ሒሳብ ያለው በአንድ መዝገብ ላይ ስለሆነ የባንኩ ሲስተም ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው የሚጨምረው በአንድ ምዝገባ ነው። ወይ ሁለቱም ይመዘገባሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ። በዚህ ዓይነት ዝውውር «ተቆርጦ አልገባም» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ሲጣራ የዘገየው ብሩ ሳይሆን የኤስኤምኤስ ማሳወቂያው ሆኖ ይገኛል።

ባንኮቹ ሲለያዩ ግን መዝገቡ ሁለት ይሆናል። አንደኛው ባንክ የሌላውን መዝገብ ማየትም ሆነ መንካት አይችልም፤ መጠየቅ ብቻ ነው የሚችለው። በአገራችን ይህን ጥያቄና መልስ የሚያመላልሰው ባንኮቹ በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች ነው። ድርጅቱ የተመሠረተው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን ሥራ የጀመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። የአንዱን ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ኤቲኤም መጠቀምም ሆነ ከስልክ ወደ ሌላ ባንክ ብር መላክ የሚቻለው እንዲህ ባለ የጋራ ስዊች በኩል ነው።

ሁለት መዝገብ ካለ የትኛው ይቅደም የሚለው ጥያቄ የግድ ይነሳል። ተቀባዩ ጋ አስቀድሞ ቢጨመር፣ ጥያቄው እየተመላለሰ ሳለ ላኪው ያንኑ ብር ከኤቲኤም ሊያወጣው ወይም ለሌላ ሰው ሊልከው ይችላል። ባንኩ በሌለ ብር ይከፍላል ማለት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ መቁረጥ ይቀድማል። የተቆረጠው ብር በላኪው ባንክ ውስጥ ወዳለ ማቆያ ሒሳብ ይዛወራል፤ የባንክ ሰዎች «ሰስፔንስ» የሚሉት እሱን ነው። ላኪው ስልክ ላይ «ተቆርጧል» የሚለው መልእክት የሚነግረን ይህን የመጀመሪያ ደረጃ ብቻ ነው፤ ተቀባዩ ጋ ስለ መግባቱ ምንም አይናገርም።

የአንድ ቅዳሜ ዝውውር

እንበልና አዲስ አበባ ያለች እህት ቅዳሜ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ በአሥር ሰዓት ደሴ ላለው ወንድሟ የቤት ኪራይ 8,500 ብር ላከች። የእሷና የእሱ ባንክ የተለያዩ ናቸው።

የወንድሟን ሒሳብ ቁጥር ስታስገባ ስሙ መጣላት። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስሙን የሰጠው የወንድሟ ባንክ ስለሆነ በዚያች ቅጽበት መስመሩ ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ ቁጥሩም ትክክል ነው። ምስጢር ቁጥሯን አስገብታ «ላክ» ስትል የእሷ ባንክ 8,500 ብሩን ከአገልግሎት ክፍያው ጋር ቆርጦ ወደ ማቆያ ሒሳብ አዛወረ፤ FT25032K7XQ4 የሚል መለያ ቁጥርም ሰጠው። ከዚያ ጥያቄውን ለስዊቹ ላከ፤ ስዊቹም ለደሴው ወንድም ባንክ አስተላለፈ።

ደህና በዋለ ቀን የቀረው ሥራ የሰከንዶች ነው። የተቀባዩ ባንክ ቁጥሩን ያያል፣ ሒሳቡ ያልታገደ መሆኑን ያጣራል፣ 8,500 ብር ይጨምራል፣ «ተከናውኗል» የሚል መልስ በመጣበት መንገድ ይመልሳል። የዚያን ቅዳሜ ግን የወንድሙ ባንክ ሲስተም ተጨናንቆ ነበር። ስዊቹ ጥያቄውን አሳልፎ ጠበቀ፤ የተወሰነለት የመጠበቂያ ጊዜ አለቀ። እህት ስልክ ላይ «ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው» የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ የመቁረጡ ኤስኤምኤስ ገባ።

በዚህ ሰዓት የእሷ ባንክ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መልስ አልመጣም።

መልስ አለመምጣት «አልሆነም» ማለት አይደለም

መልሱ «አይሆንም» ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር። የሒሳብ ቁጥሩ የለም፣ ሒሳቡ ታግዷል ወይም ባንኩ አሁን አይገኝም የሚል ግልጽ መልስ ሲመጣ የላኪው ባንክ ሲስተም ብሩን ወዲያው ከማቆያው አውጥቶ ወደ ደንበኛው ይመልሳል። ይህ «ሪቨርሳል» ይባላል። ብሩ ተቆርጦ ሳይቆይ ሲመለስ ያየ ሰው ይህን አይቷል።

መልስ ካልመጣ ግን ሦስት ነገሮች ሆነው ሊሆን ይችላል። ጥያቄው የተቀባዩ ባንክ ሳይደርስ ጠፍቶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ወንድም ምንም አላገኘም። ወይም ጥያቄው ደርሶ ብሩም ገብቶ ጠፍቶ የቀረው መልሱ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ወንድም 8,500 ብሩን ይዟል፣ እህት ግን «በሂደት ላይ» የሚለውን ታያለች። ወይም ጥያቄው ደርሶ የተቀባዩ ባንክ ተቀብሎት ወደ ወንድም ሒሳብ ሳያስገባው እዚያው በራሱ ማቆያ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ከላኪው ባንክ በኩል ሲታይ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ያው መልስ ያጣ ጥያቄ ነው።

አሜሪካዊው የዳታቤዝ ሊቅ ጂም ግሬይ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ዓይነቱን ችግር በሁለት ጄኔራሎች አስመስሎ አስረድቶታል። ሁለት ጄኔራሎች በሁለት ኮረብታ ላይ ሠፍረዋል፤ ጠላት በመካከላቸው ባለው ሸለቆ ውስጥ አለ። ማሸነፍ የሚችሉት እኩል ሲነሱ ብቻ ነው። አንዱ «ነገ ንጋት ላይ እንነሳ» ብሎ መልእክተኛ ቢልክ መልእክተኛው ይድረስ ወይም ይማረክ አያውቅም። ሁለተኛው «ደርሶኛል» ብሎ ቢመልስ ደግሞ እሱ በተራው ምላሹ መድረሱን አያውቅም። መልእክተኛው የፈለገውን ያህል ቢመላለስ የመጨረሻውን መልእክት የላከው ሰው ሁልጊዜ በጥርጣሬ ይቀራል። መልእክት ሊጠፋ በሚችልበት መስመር ላይ ሁለት ወገኖች መቶ በመቶ እርግጠኛ ሆነው ሊስማሙ እንደማይችሉ በማስረጃ የተረጋገጠ ነው። የተሻለ ኔትወርክ ችግሩ የሚደርስበትን ጊዜ ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

እንግዲህ ባንኩ መልስ ስላጣ ብቻ ለእህት 8,500 ብሯን ቢመልስና ወንድም ብሩን አግኝቶ ቢሆን፣ አንዱ ብር ሁለት ቦታ ተከፍሏል ማለት ነው። ወንድም አውጥቶ ለአከራዩ ከሰጠው ደግሞ ማን ይመልሰዋል? ስለዚህ ባንኩ ብሩን ማንም በማይነካው ማቆያ ሒሳብ ውስጥ ይዞ እውነቱ እስኪታወቅ መጠበቅን ይመርጣል። ለደንበኛው የሚያበሳጨው ይህ መያዝ ብሩ ሁለት ቦታ እንዳይከፈል የሚጠብቀውም ነው።

እውነቱ የሚታወቀው በማመሳከር ነው

ባንኮች እርስ በርሳቸው የሚከፋፈሉት እያንዳንዱን ዝውውር በየራሱ አይደለም። ስዊቹ ጊዜውን ጠብቆ የተሳኩትን ዝውውሮች ይደምርና ልዩነቱን ያወጣል። ለምሳሌ የእህት ባንክ ደንበኞች ለወንድም ባንክ ደንበኞች 40 ሚሊዮን ብር ልከው ከዚያ በኩል ደግሞ 37 ሚሊዮን ቢመጣ፣ የእህት ባንክ የሚከፍለው 3 ሚሊዮኑን ብቻ ነው። ይህ ክፍያ የሚፈጸመው ባንኮቹ በብሔራዊ ባንክ ባላቸው ሒሳብ ላይ ሲሆን፣ ብሔራዊ ባንክ ለዚህ ሥራ ያቋቋመው የክፍያ ሥርዓት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ልብ እንበል፤ ብር እንደደረሰን የምናየው ባንካችን ከላኪው ባንክ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ነው። ባንኩ የሚጨምርልን ሒሳቡ በኋላ ይወራረዳል ብሎ አምኖ ነው።

ሒሳብ ሲወራረድ ሦስት ዝርዝሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ የላኪው ባንክ «ቆርጫለሁ» የሚለው፣ ሁለተኛው ስዊቹ «ተሳክቷል» ብሎ የያዘው፣ ሦስተኛው የተቀባዩ ባንክ «ጨምሬያለሁ» የሚለው ነው። አብዛኛው መስመር በሦስቱም ላይ ስለሚገኝ ኮምፒውተሩ ራሱ ያዛምደዋል። ያልተዛመደው ለሰው ይተርፋል።

የእህታችንን መስመር እንከተል። ሰኞ ጠዋት በባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ዝርዝሩን የሚያመሳክረው ሠራተኛ FT25032K7XQ4ን በራሱ ዝርዝር ላይ ያገኘዋል፤ ስዊቹ ካመጣው የተሳኩ ዝውውሮች ዝርዝር ላይ ግን የለም። በማቆያ ሒሳቡ ውስጥም 8,500 ብር ትርፍ ሆኖ ይታየዋል፤ ባንኩ ከደንበኛው ወስዷል፣ ለማንም ግን አልከፈለም። ይህ ትርፍ ብሩ አለመድረሱን የሚጠቁም ትልቅ ምልክት ነው። የወንድም ባንክ «በዚህ ቁጥር የገባ የለም» ብሎ ሲያረጋግጥለት ብሩን ለእህት ይመልሳል።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ቢሆንስ? ስዊቹ «ተሳክቷል» ብሎ ይዞት የወንድም ሒሳብ ላይ ግን ባይኖር፣ የእህት ባንክ ብሩን በማወራረጃው ከፍሎታል። አሁን ትርፍ የሚገኘው በወንድም ባንክ ማቆያ ውስጥ ነው። ለእህት የሚመለስ ብር የለም፤ ለወንድም በእጅ የሚገባለት ብር ነው ያለው። አንዳንዱ ተቆርጦ ያልገባ ብር ከቀናት በኋላ ወደ ላኪ ሲመለስ ሌላው ደግሞ ተቀባዩ ጋ ዘግይቶ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት የተላከ ብር ከማክሰኞ ከሰዓቱ ይልቅ የሚቆይበት ምክንያትም እዚህ ነው። ስልኩና ስዊቹ ሰንበትም በዓልም አያውቁም። ያልተዛመደውን መስመር የሚያዩት ሰዎች ግን ቢሮ የሚገቡት በሥራ ቀን ነው። ገና ወይም ፋሲካ ላይ ሲሆን ደግሞ ዝውውሩ ይበዛል፣ መጨናነቁ ይጨምራል፣ ሰዎቹም እረፍት ላይ ናቸው።

ደግሞ መላክ ለምን ያከስራል

ብሩ አልገባም ሲባል ብዙ ሰው የሚያደርገው ደግሞ መላክ ነው። ከሁሉ የከፋው ስሕተትም ይህ ነው። ባንኮቹ ራሳቸው አንድን ጥያቄ ደጋግመው ቢልኩ ችግር የለውም፤ መለያ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ተቀባዩ ባንክ «ይህን አይቼዋለሁ» ብሎ ሁለተኛውን ይተወዋል። እኛ «ላክ» የሚለውን እንደገና ስንጫን ግን አዲስ መለያ ቁጥር ያለው አዲስ ጥያቄ ነው የሚፈጠረው። ሲስተሙ የኪራዩ ብር ያው መሆኑን የሚያውቅበት ምንም ነገር የለውም።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ብቻ ጠፍቶ ከነበረ ወንድም 17,000 ብር ገብቶለታል ማለት ነው። ይህን ባንኩ ማስመለስ አይችልም፤ ሁለቱም ዝውውሮች በላኪው ትእዛዝ የተፈጸሙ ትክክለኛ ዝውውሮች ናቸውና። ለወንድም ሲሆን ይመለሳል። ለማያውቁት ነጋዴ ሲሆን ግን ባለቤቱ በተቀባዩ በጎ ፈቃድ ላይ ይወድቃል። የግድ ቶሎ መክፈል ካስፈለገ በሌላ መንገድ ይከፈል፤ ከተቀባዩ ጋር ግን የመጀመሪያው ከገባ እንደሚመልስ አስቀድሞ መነጋገር ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ መለያ ቁጥሩ ነው። በብዙ ባንኮቻችን መልእክትና ደረሰኝ ላይ የሚታየው በFT የሚጀምር አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ዝም ብሎ የተደረደረ አይደለም። ከFT ቀጥሎ ያሉት ሁለት ቁጥሮች የአውሮፓውያኑ ዓመት ናቸው፤ ቀጣዮቹ ሦስቱ በዚያ ዓመት ውስጥ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይነግሩናል። የቀሩት አምስቱ የዝውውሩ የራሱ መለያ ናቸው። FT25032K7XQ4 ማለት እንግዲህ በ2025 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ቀን፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 1 የተመዘገበ ነው፤ በእኛ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.። ባንኩ የዕለቱን ሒሳብ ከዘጋ በኋላ የተላከ ከሆነ ቁጥሩ የሚቀጥለውን የሥራ ቀን ሊይዝ ስለሚችል በአንድና በሁለት ቀን ልዩነት መደናገጥ አያስፈልግም።

ይህ ቁጥር መኖሩ ብሩ ከላኪው ሒሳብ መውጣቱንና በባንኩ መዝገብ ላይ መስፈሩን ያረጋግጣል። «አልተሳካም» የሚል ጽሑፍ መጥቶ ቁጥሩ ከሌለ፣ ቀሪ ሒሳብም ካልቀነሰ፣ ምንም አልተቆረጠም።

ወደ ባንክ ከመሄድ በፊት ተቀባዩ ኤስኤምኤስ መጠበቁን ትቶ የሒሳቡን ዝርዝር ይክፈትና ይይ። የማሳወቂያ መልእክቱ ሲዘገይ ወይም ጭራሽ ሲቀር ብሩ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከሌለ ደግሞ መሄድ ያለበት ላኪው ነው፤ የሚሄደውም ወደ ራሱ ባንክ ነው። ተቀባዩ ወደ ባንኩ ሄዶ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ሳይደርስ ጠፍቶ ከሆነ ሠራተኛው የሚፈልገው ነገር በሲስተሙ ላይ የለም፤ «እኛ ጋ ምንም የለም» ይላል፣ እውነቱንም ነው።

ላኪው መለያ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የብሩን መጠን፣ የተቀባዩን ባንክና ሒሳብ ቁጥር በጽሑፍ አስገብቶ ማመልከቻው የተመዘገበበትን ማረጋገጫ ይቀበል። መስኮቱ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄም «ብሬ የት ሄደ?» ሳይሆን «ይህ ቁጥር ስዊቹ ጋ ተሳክቷል ነው የሚለው ወይስ አልተሳካም?» ቢሆን ይሻላል። መልሱ «አልተሳካም» ከሆነ የላኪው ባንክ ብሩን መመለስ አለበት። «ተሳክቷል» ከሆነ ደግሞ ላኪው ያንን የሚያሳይ ማረጋገጫ ከባንኩ ተቀብሎ ለተቀባዩ ይላክለት፤ ከዚያ በኋላ ተጠያቂው የተቀባዩ ባንክ ነው፣ ተቀባዩም ወረቀቱን ይዞ ወደዚያው ይሄዳል። ብሩ ሲመለስም የተቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ አብሮ መመለሱን ማየት አይከፋም። ባንኩ ቅሬታውን ሳይፈታ ካንጠለጠለው፣ ማመልከቻውንና የተሰጠውን መልስ ይዞ ለብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይቻላል።

ነጋዴዎች ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ቢይዙ ይጠቅማቸዋል። ገዢው የሚያሳየው ደረሰኝ ሐሰተኛ ባይሆንም እንኳ የሚያሳየው የገዢውን ባንክ መዝገብ ብቻ ነው። በአንድ ባንክ ውስጥ ከተላከ መዝገቡ አንድ ስለሆነ እውነተኛ ደረሰኝ ይበቃል። ከሌላ ባንክ ከተላከ ግን ዕቃው መውጣት ያለበት ብሩ በሻጩ ሒሳብ ዝርዝር ላይ ሲታይ ነው። ገዢው ቢቆጣም እሱ ያለው ከባንኩ ጋር የሚያስተካክለው መለያ ቁጥር ነው፤ ዕቃውን አሳልፎ የሰጠ ሻጭ ግን የሚያመለክትበት ባንክ የለውም።